ለሳፖርት የሚጻፍ ደብዳቤ ሙሾ አይደለም

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ በጥቅምት 2017 የማኅበራዊ ሚዲያ ገጿን ተነጠቀች። ስድስት ዓመት ሙሉ ፎቶ እየለጠፈች ያሳደገችው ገጽ ነው። ዋሽንግተን ያሉ ደንበኞቿ ለሠርግና ለጥምቀት የሚያዙት በዚያ ነበር። ሌባው ገጹን በያዘ በመጀመሪያው ጠዋት በእሷ ስም «ልዩ ቅናሽ» ብሎ ለጠፈ፤ ሁለት ደንበኞች አምነው ለማያውቁት ሰው የባንክ ሒሳብ 27,000 ብር ቀብድ ላኩ። ገጹ ያለበት ድርጅት ማን እንደሆነ እዚህ አያስፈልግም። በዚህ ነገር ትልልቆቹ ድርጅቶች እምብዛም አይለያዩም።

ነጋዴዋ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች፤ ለድርጅቱ ሳፖርት ኢሜይል ጻፈች። ደብዳቤው ሁለት ገጽ ይሆናል። ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ገጽ ገቢ እንደሆነ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳላገኘች፣ ሰው እንዴት እንዲህ ይጨክናል እያለች ጻፈች። መጨረሻው ላይ «እባካችሁ» የሚለው ቃል አምስት ጊዜ ተደግሟል።

መልሱ በደቂቃዎች ውስጥ መጣ። «ስለደረሰብዎ ችግር እናዝናለን። አካውንትዎን ለማስመለስ ይህን ሊንክ ይጫኑ» ይላል። ሊንኩን ስትጫን «ኮድ ልከንልዎታል» አላት። ኮዱ የተላከው ሌባው ባስገባው አዲስ ኢሜይል ነው። ሦስት ጊዜ ጻፈች፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው መልስ ከነነጠላ ሰረዙ ተመለሰላት።

የሰፈሩ ፍርድ ወዲያው ተሰጠ። «ፈረንጅ እኛን አይሰማም። ወይ ሰው ተሰብስቦ ሪፖርት ያድርግ፣ ወይ አካውንት የሚያስመልስ ሃከር ይከፈለው።»

ይህ ፍርድ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ሰውን ገደል የሚከት ነው። ድርጅቶቹ ሰው የማይደርስበት አጥር አጥረው መቀመጣቸው እውነት ነው። ያ ደብዳቤ ግን አዲስ አበባ ተቀምጦ አማርኛ ለሚናገር ሠራተኛ ቢደርስም ያው መልስ ነበር የሚሰጠው። የሚጨበጥ ነገር አልነበረውምና።

ሳፖርት የሚባለው ቦታ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ደብዳቤውን መጀመሪያ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተር ነው፤ ቃላቱን አይቶ «የጠፋ ፓስወርድ» ወይም «የተጠለፈ አካውንት» ከሚሉት ሣጥኖች በአንዱ ይጥለዋል። ቀጥሎ ሰው ካየው፣ ያ ሰው ፊቱ ላይ የተደረደሩ ዝግጁ መልሶች አሉት፤ ለአንድ ደብዳቤ ያለው ጊዜም ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ጊዜ የሚፈልገው አራት ነገር ነው። የትኛው አካውንት? መቼ፣ ምን ሆነ? የጻፈው ሰው ባለቤቱ ለመሆኑ ምን ምልክት አለ? ዝግጁው መልስ ለምን አልሠራለትም? እነዚህን ካላገኘ በጣም ቢያዝን እንኳ ማድረግ የሚችለው ዝግጁውን መልስ መላክ ብቻ ነው። ሌባውም እኮ «አካውንቴ ተጠልፏል፣ እባካችሁ» ብሎ መጻፍ ይችላል፤ ይጽፋልም። እንባ ባለቤቱን ከሌባው አይለይም።

አሁን የነጋዴዋ የመጀመሪያ ደብዳቤ ውስጥ ያለችው ብቸኛዋ መረጃ ትታይ። «በ12/2/2017 ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ገጼን ወሰዱብኝ» ትላለች። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ ጥቅምት 12 ቀን 2017፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት። አሜሪካዊ ሠራተኛ ሲያነበው ግን ዲሴምበር 2 ቀን 2017 ይሆናል። አውሮፓዊ ካነበበው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2017 ነው። በሁለቱም አነባበብ ጉዳዩ ከሰባት ዓመት ግድም በፊት የተፈጸመ ሆነ። «ሌሊት 8 ሰዓት» ደግሞ ለእነሱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ሠራተኛው በዚያ ቀንና ሰዓት መዝገቡን ቢፈልግ ምንም አያገኝም። ከዚያም «ምንም አጠራጣሪ እንቅስቃሴ አልታየም» ብሎ ቢዘጋው አልዋሸም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ነጋዴዋ «ጥቅምት 12 ሌሊት» ስትል ለረቡዕ አጥቢያ ማለቷ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀን የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ ያ ሰዓት ኦክቶበር 23 ቀን 2024 ከሌሊቱ 2 ሰዓት ከ17 ይባላል። የድርጅቶቹ መዝገብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው በአገር ሰዓት ሳይሆን ስክሪን ላይ UTC ተብሎ በሚጻፈው የዓለም መነሻ ሰዓት ነው፤ እሱ ከኢትዮጵያ ሰዓት በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ቀኑ ተመልሶ ኦክቶበር 22 ይሆናል፤ `2024-10-22 23:17 UTC`። አንድ ድርጊት፣ ሦስት ቀን የሚመስል አጻጻፍ። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ዓመቱን አስቀድሞ፣ ወሩንና ቀኑን አስከትሎ፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጽፎ UTC ብሎ መዝጋት ነው። የኢትዮጵያን ሰዓት ወደዚያ ለመመለስ በቀን ሰዓት ላይ ስድስት፣ በማታና በሌሊት ሰዓት ላይ አሥራ ስምንት ተደምሮ፣ ድምሩ 24 ከሞላ ወይም ካለፈም 24 ተቀንሶ የፈረንጆቹ ሰዓት ይገኛል፤ ከዚያ ላይ ሦስት ይቀነሳል። ቀኑ መቀየር አለመቀየሩን ግን ሁለት ጊዜ ማየት ግድ ነው።

ሁለተኛው የደብዳቤው ጉድለት ከየት እንደተላከ ነው። ነጋዴዋ የጻፈችው በእህቷ ልጅ ኢሜይል ነበር፤ እንግሊዝኛው ይሻላል ተብሎ። ለሳፖርቱ ሠራተኛ ይህ ማለት ከገጹ ጋር አንድም ቀን ግንኙነት ያልነበረው ሰው ንብረት ጠየቀ ማለት ነው። ለስድስት ዓመት በገጹ ላይ ተመዝግቦ የቆየው የራሷ ኢሜይል ግን በእጇ ነበር። ሌባው ከገጹ አነሳው እንጂ ኢሜይሉን አልወሰደውም። ከዚያ አድራሻ የተላከ አንድ መስመር ከእህቷ ልጅ ሁለት ገጽ ይበልጣል። የእህት ልጅ ይተርጉም፤ ላኪው ግን ባለቤቷ ትሁን።

ሦስተኛው ጉድለት ማስረጃው ነው። ሌባው የገጹን ኢሜይል በቀየረ ጊዜ ድርጅቱ ወደ ቀድሞው ኢሜይል ማስጠንቀቂያ ልኮ ነበር። ይህ የተለመደ አሠራር ነው። ለምሳሌ ኢንስታግራም እንዲህ ያለ ለውጥ ሲደረግ ከ `security@mail.instagram.com` መልእክት ይልካል፤ በመልእክቱም ለውጡን ለመቀልበስ የሚያስችል ሊንክ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከደብዳቤው በፊት የሚቀድመው የኢሜይል ሣጥንን መፈተሽ ነው። ነጋዴዋ ጠዋት ማስጠንቀቂያውን አይታው ነበር። ማታ በሐሰተኛ መልእክት ስለተታለለች ይህም ያው ሌባ መስሏት ሰረዘችው። ደግነቱ ጂሜይል የተሰረዘ መልእክትን በ `Trash` ውስጥ 30 ቀን ያቆየዋል፤ ከዚያ ተገኘ።

ከተገኘም በኋላ እንዴት እንደሚላክ ለውጥ ያመጣል። ስክሪንሾት ማንም በስልክ አስተካክሎ ሊሠራው የሚችል ሥዕል ነው፤ በተለይ ዳር ዳሩ ተቆርጦ ቀኑ ከጠፋ ዋጋው ይወርዳል። ጂሜይል በኮምፒውተር ሲከፈት ከመልእክቱ ጎን ባሉት ሦስት ነጠብጣቦች ውስጥ `Show original` የሚል አለ። እሱ ሲጫን የመልእክቱ ሙሉ የጉዞ መዝገብ ይታያል፤ መቼ እንደተላከ፣ በየት እንዳለፈ፣ የላኪው ፊርማ መረጋገጡን የሚያሳየው `DKIM` የሚለው መስመርም ጭምር። እዚያው `Download original` ሲባል መልእክቱ እንደ ፋይል ይወርዳል። ድርጅቱ የራሱን መልእክት ከነፊርማው ሲያገኝ «ይህ አልሆነም» ለማለት ይቸግረዋል። ስክሪንሾቱም ይላክ፤ ግን ከፋይሉ ጋር።

አራተኛው ጉድለት ከሁሉም ይከብዳል። ነጋዴዋ የደበቀችው ነገር ነበር። ማክሰኞ ማታ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40 ላይ «የገጽ ቁጥጥር ክፍል» ነኝ የሚል መልእክት መጣላት። በ24 ሰዓት ውስጥ ካላረጋገጥሽ ገጽሽ ይዘጋል አላት። ሊንኩን ተጭና ፓስወርዷን አስገባች፤ ስልኳ ላይ የመጣውን ባለ ስድስት አኃዝ ኮድም ጨመረችበት። በደብዳቤዋ ግን «ምንም ሳላደርግ ተጠለፍኩ» አለች። አፍራ ነው። ሠራተኛው መዝገቡን ሲያይ ትክክለኛ ፓስወርድ፣ ትክክለኛ ኮድ፣ አዲስ ስልክ ያያል። ይህ ከባለቤቷ አዲስ ስልክ መግዛት በምን ይለያል? «ምንም አላደረግኩም» የሚለው ቃል ከመዝገቡ ጋር ሲጋጭ የሚወድቀው ቃሉ ነው። «በዚህ ሰዓት በሐሰተኛ ገጽ ላይ ኮዱን ሰጠሁ» ቢባል ግን መዝገቡ ራሱ ይመሰክርላት ነበር፤ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ማንነቱ ያልታወቀ ስልክ ገብቷልና። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

በአራተኛው ሙከራ ከራሷ ኢሜይል የወጣው ደብዳቤ ከእንግሊዝኛው ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

«የጉዳዩ ቁጥር ከላይ ያለው ነው፤ አዲስ ጉዳይ አልከፈትኩም። የምጽፈው ከ2018 ጀምሮ በገጹ ላይ ተመዝግቦ ከነበረው ኢሜይል ነው። ሌባው የገጹን ስም ስለቀየረው የገጹን መለያ ቁጥርና የቀድሞ አድራሻውን ከታች አስቀምጫለሁ። ዓመተ ምሕረቱ የፈረንጆች ነው፤ ሰዓቱ ሁሉ UTC ነው።

`2024-10-22 17:40` በሐሰተኛ ገጽ ላይ ፓስወርድና ኮድ አስገባሁ። የሊንኩ ጽሑፍ ተያይዟል።
`2024-10-22 17:46` የእኔ ያልሆነ አይፎን ገባ። የመግቢያ ማስጠንቀቂያችሁ በፋይል ተያይዟል።
`2024-10-22 23:17` የገጹ ኢሜይል ተቀየረ። ማስጠንቀቂያችሁ በፋይል ተያይዟል።
`2024-10-23 06:05` ከሁለቱም መሣሪያዎቼ ተባረርኩ።
`2024-10-23 06:30` በገጹ ላይ ገንዘብ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ወጣ። ሁለት ሰዎች ከፍለዋል፤ ደረሰኞቹ ተያይዘዋል።

የእኔ መሣሪያዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንድ ሳምሰንግ ስልክና የሱቁ ዊንዶውስ ኮምፒውተር። ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው። አይፎን ኖሮኝ አያውቅም። የኢሜይሌን ፓስወርድ በ`2024-10-23 08:10` ቀይሬያለሁ፤ በኢሜይሉ ላይ ከእነዚህ ሁለት መሣሪያዎች ሌላ የለም።

የላካችሁልኝን ሊንክ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ኮዱን የሚልከው በ23:17 ወደገባው ኢሜይል ነው፤ የሚታየው ገጽ ተያይዟል። ስለዚህ ያ መንገድ ለእኔ አይሠራም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የ23:17ቱ ለውጥ ይሰረዝልኝ፤ ገጹ እስኪጣራ ድረስም ማስታወቂያ እንዳይለጥፍ ይታገድ።»

አለቀ። ልጆቹ የሉበትም፤ «እባካችሁ» የለበትም። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሠራው የመጨረሻው አንቀጽ ነው። ዝግጁውን መልስ ከመምጣቱ በፊት ይዘጋዋል፤ ሊንኩ ተሞክሯል፣ ያልሠራበት ምክንያት ይኸው፣ ማስረጃው ይኸው ይላል። ያንኑ ሊንክ መልሶ የሚልክ ሠራተኛ ደብዳቤውን እንዳላነበበ በራሱ ላይ ይመሰክራል።

ያልተጻፈውም መታወቅ አለበት። ፓስወርድ የለበትም፤ የባንክ ካርድ ሙሉ ቁጥር የለበትም፤ አዲስ የመጣ ኮድም የለበትም። እነዚህን በኢሜይል ላኩልኝ የሚል ሳፖርት ካለ ሁለተኛው ሌባ ነው። የሌባው የአይፒ አድራሻ በማስጠንቀቂያው ላይ ቢኖርም ነጋዴዋ «ሌባው እዚህ አገር ነው ያለው» አላለችም። አንድን የአይፒ አድራሻ በሞባይል ዳታ ብዙ ሰው ይጋራዋል፤ በቪፒኤን ደግሞ ሌላ አገር ያለ ሊመስል ይችላል። የማታውቀውን አለማለቷ የምታውቀውን አስከበረላት።

በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ። በዚህኛው የሰው ድምፅ ነበረበት፤ የገጹ ስም ከመሰረቁ በፊት መቼ ተቀይሮ እንደነበር ይጠይቃል። በስምንተኛው ቀን ገጹ ተመለሰ።

ይህ ሁልጊዜ ይሳካል ማለት አይደለም። ኢሜይሉም አብሮ ከተወሰደ፣ ወይም ገጹ ከመጀመሪያው በሌላ ሰው ስም ከተከፈተ፣ ከዚህ የተሻለ ደብዳቤም ሊወድቅ ይችላል። ግን የሰፈሩ ሁለት መድኃኒቶች ከዚህም የባሱ ናቸው። መቶ ሰው ተሰብስቦ ሪፖርት ሲያደርግ ገጹ ሊዘጋ ይችላል፤ የተዘጋ ገጽ ደግሞ ለባለቤቱም የተዘጋ ነው። «አካውንት አስመልሳለሁ» የሚለው ሰው መጀመሪያ ገንዘብ፣ ቀጥሎ ኮድ ይጠይቃል። ከዚያ ይጠፋል። ነጋዴዋን የጻፉላት እንዲህ ያሉ ሰዎች በሦስት ቀን ውስጥ አራት ነበሩ።

27,000ው ብር አልተመለሰም። ያው የተደረደረ ፋይል ግን ለባንኩም ለፖሊስም ተሰጠ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ የሰው አካውንት ውስጥ መግባት ወንጀል ነው። መርማሪውም መጀመሪያ የሚጠይቀው «መቼ? በምን መሣሪያ? ማስረጃሽ የት አለ?» ነው። ለእሱ ግን ጥቅምት 12 ተብሎ፣ ለረቡዕ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ከ17 ተብሎ ይጻፍለት። እያንዳንዱ በሚያነበው አቆጣጠር።

ድርጅቶቹም በነጻ አይለቀቁ። አዲስ ስልክ በገባ በስድስት ሰዓት ውስጥ ኢሜይሉ ሲቀየር፣ ከዚያም የቆዩት መሣሪያዎች ሁሉ ሲባረሩ መዝገቡ ይህን አይቷል። አይቶም ቁልፉን ለሌባው አስረከበ፤ ለባለቤቷ ደግሞ «እናዝናለን» ላከ። ማዘግየት ይቻል ነበር። ቴሌግራም ላይ አሁን የገባ መሣሪያ የቆዩትን ወዲያው ማስወጣት አይችልም፤ መጠበቅ አለበት። ይህን ያህል ቀላል አጥር ያላጠረ ድርጅት፣ አንዲት የሽሮ ሜዳ ነጋዴ ሰዓት ወደ UTC መመለስና የኢሜይል ፋይል ማውረድ እስክትማር ድረስ ንብረቷን ይዞ መቆየቱ ነውር ነው። አቤት የሚባልበት ሰው ያላስቀመጠ ድርጅት የሰውን እንጀራ በአደራ ባይቀበል ይሻለዋል።

ነውሩ የእነሱ ነው። ገጹ ግን የእሷ ነው። እነሱ እስኪያፍሩ ድረስ ሌባው ቅናሽ እየለጠፈ አይጠብቅም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል፤ ዛሬ ገጹ ያልተነጠቀ ሰው የገጹን መለያ ቁጥር፣ የተመዘገበበትን ኢሜይልና የመሣሪያዎቹን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ሌባው የሚመጣው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ማንም ሰው ቁጥር አያስታውስም።